ሽያጩ ሳይጨምር ትርፉ ለምን ጨመረ? ከሽያጭ በላይ ሲመረት ሁለቱን የትርፍ ቁጥሮች ማስላትና ማስታረቅ

ሦስት ወር ሙሉ ሽያጩ አንድ ነው። የመሸጫ ዋጋው አልተነካም። ጥሬ ዕቃው፣ ኪራዩ፣ ደመወዙ፣ ሁሉም እንደነበረ ነው። የትርፍ ሪፖርቱ ግን በመጀመሪያው ወር 84,000፣ በሁለተኛው 96,000፣ በሦስተኛው 12,000 ይላል። ሥራ አስኪያጁ በሁለተኛው ወር ይመሰገናል፣ በሦስተኛው ቁጭ ብሎ ይጠየቃል። ምስጋናውም ጥያቄውም ያለ ቦታቸው ናቸው።

ሂሳቡን የሠራው ሰው አልተሳሳተም። የተጠቀመበት ዘዴ አብዞርፕሽን ኮስቲንግ ነው። በቫሪያብል ኮስቲንግ ቢሠራው ኖሮ ሦስቱም ወር 54,000፣ 54,000፣ 54,000 ይሆን ነበር። ይህ መመሪያ እነዚህን ቁጥሮች ከመጀመሪያው እያሰላ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ያሳያል። ብዙ ሰው የሚሸወድባት አንዲት አቋራጭ ቀመር አለች፤ እሷ ጋ ትንሽ እንቆያለን።

ምሳሌያችን

የፕላስቲክ ወንበር የሚያመርት ፋብሪካ እናስብ። አንዱ ወንበር በ50 ይሸጣል። ገንዘቡ የየትኛው አገር እንደሆነ ለስሌቱ ለውጥ የለውም።

አንድ ወንበር ለመሥራት ጥሬ ዕቃ 12፣ የቀጥታ ጉልበት 5፣ እንደ መብራት ያለ ተለዋዋጭ የማምረቻ ወጪ 3 ይወጣል። በድምሩ 20። ወንበሩ ሲሸጥ ደግሞ ለማጓጓዣና ለኮሚሽን 4 ይከፈላል። በየወሩ ቢመረትም ባይመረትም የሚወጡ ሁለት ወጪዎች አሉ። አንደኛው ቋሚ የማምረቻ ወጪ ሲሆን የፋብሪካ ኪራይ፣ የተቆጣጣሪዎች ደመወዝና ኢንሹራንስ ተደምረው 120,000 ነው። ሁለተኛው ቋሚ የሽያጭና የአስተዳደር ወጪ ሲሆን 60,000 ነው።

በመጀመሪያው ወር መጋዘኑ ባዶ ነበር። 12,000 ወንበር ተመረተ፣ 9,000 ተሸጠ። 3,000 ቀረ።

ደረጃ 1፦ ወጪዎቹን ለዩ፣ ከሁሉ በፊት አንዱን

በሁለቱ ዘዴዎች መካከል የሚያጣላው አንድ ወጪ ብቻ ነው፦ ቋሚ የማምረቻ ወጪ፣ የእኛው 120,000። ሌላው ሁሉ በሁለቱም ዘንድ አንድ ዓይነት ነው የሚያዘው።

አብዞርፕሽን እንዲህ ይላል፦ ያለ ፋብሪካ ወንበር አይሠራም፤ ስለዚህ ኪራዩም የወንበሩ ወጪ አካል ነው። ወንበሩ እስኪሸጥ ድረስ አብሮት መጋዘን ይቀመጥ። ቫሪያብል ደግሞ፦ ኪራዩ የሚከፈለው ወሩ ስለመጣ ነው፤ አንድ ወንበር ብትጨምርም ብትቀንስም አይለወጥም። ስለዚህ የወሩ ወጪ ተብሎ በወሩ ይዘጋ።

እዚህ ጋ በተደጋጋሚ የማየው ስህተት አለ። ተለዋዋጭ የሽያጭ ወጪው፣ ያ 4፣ «ተለዋዋጭ» የሚል ቃል ስላለበት ብቻ በቫሪያብል የወንበሩ ወጪ ላይ ይደመርና 24 ይባላል። አይደለም። በሁለቱም ዘዴ የሽያጭ ወጪ መጋዘን አይገባም። ያልተሸጠ ወንበር ኮሚሽን የለውም። የቫሪያብል የአንድ ወንበር ወጪ 20 ነው፤ 4ቱ በተሸጠው ልክ ብቻ ይቀነሳል።

ደረጃ 2፦ የአንዱን ወንበር ወጪ በሁለቱም ዘዴ አውጡ

በቫሪያብል 20 አልን። በአብዞርፕሽን ቋሚውን ወጪ ለተመረተው እናካፍላለን፦ 120,000 ለ12,000 ሲካፈል ለአንድ ወንበር 10 ይደርሰዋል። ስለዚህ የአንዱ ወጪ 30 ነው።

የምናካፍለው ለተመረተው እንጂ ለተሸጠው አይደለም። ለ9,000 ካካፈሉት 120,000ው በሙሉ በተሸጡት ላይ ያርፋል። ያኔ መጋዘን የሚቀር ቋሚ ወጪ ስለማይኖር በዘዴዎቹ መካከል ያለው ልዩነት ድራሹ ይጠፋል። ልዩነቱ ዜሮ ከመጣላችሁ መጀመሪያ ይህን አካፋይ ተመልከቱ።

ደረጃ 3፦ ሁለቱን የትርፍ መግለጫዎች ጎን ለጎን አስቀምጡ

| | አብዞርፕሽን | ቫሪያብል |
|---|---|---|
| ሽያጭ (9,000 × 50) | 450,000 | 450,000 |
| የተሸጡት ወንበሮች የማምረቻ ወጪ | 270,000 | 180,000 |
| ተለዋዋጭ የሽያጭ ወጪ | 36,000 | 36,000 |
| የወሩ ቋሚ የማምረቻ ወጪ | – | 120,000 |
| ቋሚ የሽያጭና የአስተዳደር ወጪ | 60,000 | 60,000 |
| ትርፍ | 84,000 | 54,000 |

ልዩነቱ 30,000 ነው። የት ሄደ? የትም አልሄደም፤ መጋዘን ነው ያለው። ያልተሸጡት 3,000 ወንበሮች እያንዳንዳቸው 10፣ 10 ኪራይና ደመወዝ ይዘው ተቀምጠዋል። በአብዞርፕሽን ከ120,000ው ወደ ትርፍ መግለጫው የገባው 90,000 ብቻ ነው። ቀሪው 30,000 በሀብት ስም ወደሚቀጥለው ወር ተሻገረ።

ከሽያጭ በላይ ሲመረት አብዞርፕሽን ብዙውን ጊዜ ከፍ ያለ ትርፍ የሚያሳየው በዚህ ምክንያት ነው። ወጪው አልቀነሰም፣ ቀጠሮው ተራዘመ እንጂ።

ደረጃ 4፦ ማስታረቂያውን በትክክለኛው ቀመር ሥሩ

የመማሪያ መጻሕፍት መልመጃ ላይ የምትዘወተር አቋራጭ አለች፦ ከተመረተው የተሸጠውን ቀንስ፣ በአንዱ ቋሚ ወጪ አባዛ። በመጀመሪያው ወር ትሠራለች፤ 3,000 በ10 ሲባዛ 30,000 ነው። የምትሠራው ግን መነሻ ክምችቱ ዜሮ ስለነበረ ነው። ወደ ሁለተኛው ወር እንለፍና ስትወድቅ እንያት።

በሁለተኛው ወር ሥራ አስኪያጁ ማሽኖቹን አስሮጠ። 15,000 ተመረተ። የተሸጠው ያው 9,000 ነው። አሁን 120,000ው ለ15,000 ሲካፈል ለአንዱ 8 ይደርሰዋል። የአዲሱ ወንበር ወጪ 28 ሆነ።

ፋብሪካው የሚጠቀመው ፊፎ ነው እንበል፤ ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይወጣል። ከተሸጡት 9,000 ውስጥ 3,000ው ካለፈው ወር የቀሩት ባለ 30ዎቹ ናቸው፤ ይህ 90,000 ነው። ቀሪዎቹ 6,000 ባለ 28 ናቸው፤ ይህ 168,000 ነው። ድምሩ 258,000። ከ450,000 ላይ 258,000፣ 36,000 እና 60,000 ሲቀነስ 96,000 ይቀራል። የቫሪያብሉ ትርፍ እንደ መጀመሪያው ወር 54,000 ነው፤ ምክንያቱም ሽያጩም ወጪውም አልተለወጠም።

ልዩነቱ 42,000 ሆነ። አቋራጯ ግን 6,000 በ8 አባዝታ 48,000 ትላለች። 6,000 ተሳሳተች።

ያለ ቦታዋ የተጨመረችው 6,000 ምስጢር የላትም። መጋዘን የነበሩት 3,000 ወንበሮች የያዙት ቋሚ ወጪ 10፣ 10 ነበር። አቋራጯ ግን 8፣ 8 እንደያዙ አድርጋ ቆጠረቻቸው። 3,000 በ2 ልዩነት ሲባዛ 6,000። ስለዚህ ዘወትር የሚሠራው ቀመር ይህ ነው፦ በወሩ መጨረሻ ክምችት ውስጥ ካለው ቋሚ የማምረቻ ወጪ ላይ በመነሻ ክምችት ውስጥ የነበረውን ቀንሱ። የመጨረሻው 9,000 በ8፣ ማለትም 72,000 ነው። የመነሻው 3,000 በ10፣ ማለትም 30,000 ነው። ልዩነቱ 42,000። ሂሳቡ ገጠመ።

በስፕሬድሺት ለመሥራት አምስት ሴሎች ይበቃሉ። በ`B2` የመነሻ ክምችት ብዛት፣ በ`B3` የመነሻው ቋሚ ወጪ ለአንድ፣ በ`B4` የመጨረሻ ክምችት ብዛት፣ በ`B5` የመጨረሻው ቋሚ ወጪ ለአንድ፣ በ`B6` የቫሪያብል ትርፍ ያስቀምጡ። የአብዞርፕሽን ትርፍ እንዲህ ይወጣል፦

```
=B6+(B4*B5-B2*B3)
```

ይህ ቁጥር በቀጥታ ከሠሩት የአብዞርፕሽን መግለጫ ጋር ካልገጠመ ከሁለቱ አንዱ ላይ ስህተት አለ። እኔ ሁለቱንም መንገድ ሳልሠራ ሪፖርት አላስረክብም። አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

ደረጃ 5፦ የማካፈያውን መጠን መርምሩ

እስካሁን በየወሩ ለተመረተው እያካፈልን ነው የመጣነው። በሥራ ዓለም ግን ብዙ ፋብሪካዎች መጠኑን ቀድመው ይወስናሉ። ዓለም አቀፉ የሂሳብ አያያዝ ስታንዳርድ አይ.ኤ.ኤስ 2 የሚለውም ይህንኑ ነው፦ ቋሚ የማምረቻ ወጪ በወንበሩ ላይ የሚጫነው በመደበኛው የማምረት አቅም ላይ ተመሥርቶ ነው። መደበኛ አቅም ማለት ጥገናና የተለመደው መቆራረጥ ታስቦ፣ ከጊዜ ወደ ጊዜ በአማካይ የሚጠበቀው ምርት ነው። የእኛ ፋብሪካ መደበኛ አቅም በወር 12,000 ነው እንበል። መጠኑ ለአንዱ 10 ይሆናል ማለት ነው።

በሁለተኛው ወር ግን 15,000 ተመረተ። በ10 ከጫንን 150,000 እንጭናለን። የወጣው 120,000 ብቻ ነው። 30,000 ከልክ በላይ ተጭኗል። ይህን የት እናድርሰው?

ቀላሉ መንገድ ከተሸጡት ዕቃዎች ወጪ ላይ መቀነስ ነው፤ ብዙ ቦታም እንዲሁ ይደረጋል። ውጤቱን ተመልከቱ። 9,000 በ30 ሲባዛ 270,000፣ ከዚያ ላይ 30,000 ሲቀነስ 240,000። ትርፉ 114,000 ይሆናል። አሁን መጋዘኑ ውስጥ 9,000 ወንበር 10፣ 10 ይዞ ተቀምጧል። በእነዚያ ወንበሮች ላይ ያልወጣ ወጪ ተለጥፏል ማለት ነው፤ የወሩ እውነተኛ ወጪ ለአንዱ 8 ብቻ ነበር።

ስታንዳርዱ ይህን ቀዳዳ ደፍኖታል። ምርት ከተለመደው ውጪ ሲበዛ፣ ክምችቱ ከወጣበት ወጪ በላይ እንዳይመዘገብ ለአንዱ የሚጫነው መጠን ዝቅ ይደረጋል። ስለዚህ ወደ 8 እንመለሳለን፣ ትርፉም ወደ 96,000። በ114,000 እና በ96,000 መካከል ያለው 18,000 ማለት 9,000 ወንበር በ2 ተባዝቶ ነው።

ምርት ሲያንስስ? ያኔ ሕጉ ይገለበጣል፤ መጠኑ ከፍ አይደረግም። ሳይጫን የቀረው ወጪ በሙሉ የዚያው ወር ወጪ ይሆናል። ይህ ለምን እንዳስፈለገ ሦስተኛው ወር ይነግረናል።

ደረጃ 6፦ ወጪው ሲመለስ ጠብቁት

በሦስተኛው ወር መጋዘኑ ሞላና ምርቱ ወደ 3,000 ወረደ። ሽያጩ አሁንም 9,000 ነው። የተሸጡት በሙሉ ካለፈው ወር የተላለፉት ባለ 28ቶቹ ናቸው፤ 252,000። አዲሶቹ 3,000 መጋዘን ቀሩ።

በመደበኛው መጠን በ10 ስንጭን 30,000 ብቻ ይጫናል። 90,000 ሳይጫን ይቀራል፣ እሱም በወሩ ይዘጋል። ከ450,000 ላይ 252,000፣ 90,000፣ 36,000 እና 60,000 ሲቀነስ 12,000 ይቀራል። በማስታረቂያው ብንሄድም ያው ነው። የመጨረሻው ክምችት 30,000 ቋሚ ወጪ ይዟል፣ መነሻው 72,000 ይዞ ነበር። 54,000 ሲደመር 30,000 ሲቀነስ 72,000፤ 12,000።

አሁን ሕጉን ጥሰን ለተመረተው 3,000 ብናካፍል ኖሮስ? ለአንዱ ወንበር 40 ይደርሰዋል። መጋዘን የቀሩት 3,000 ወንበሮች 120,000 ይዘው ይቀመጣሉ፣ የወሩ ትርፍም 102,000 ይሆናል። ፋብሪካው ሥራ ፈቶ ባለበት ወር ከሁሉም የበለጠ ትርፍ! «ምርት ከሽያጭ ሲያንስ የአብዞርፕሽን ትርፍ ያንሳል» የሚለውን ደንብ በቃል የያዘ ሰው እዚህ ጋ ግራ ይጋባል። ደንቡ የሚሠራው ለአንዱ የሚጫነው መጠን ከወር ወር ሲረጋጋ ነው። መጠኑ ከዘለለ አቅጣጫው ራሱ ሊገለበጥ ይችላል። የክምችቱን ቋሚ ወጪ በቀጥታ ማነጻጸር ግን አያሳስትም፦ 120,000 ሲቀነስ 72,000፣ 48,000፤ በ54,000 ላይ ሲደመር 102,000።

ሦስቱን ወር በትክክለኛው መንገድ ደምሩ። አብዞርፕሽን 84,000፣ 96,000 እና 12,000፤ ድምር 192,000። ቫሪያብል 162,000። ልዩነቱ 30,000 ነው፤ አሁንም መጋዘን ያሉት 3,000 ወንበሮች የያዙት ቋሚ ወጪ። እነሱም ሲሸጡና መጋዘኑ ባዶ ሲሆን የሁለቱ ዘዴዎች ድምር እኩል ይሆናል።

ጥሬ ገንዘቡን ሳታዩ አትለፉ

በሁለተኛው ወር 96,000 አተረፍን ተብሏል። ሽያጩ ሁሉ በእጅ በእጅ፣ ወጪውም ሁሉ በዚያው ወር ተከፈለ እንበል። ገቢው 450,000። ወጪው 15,000 ወንበር በ20፣ ማለትም 300,000፣ ሲደመር 36,000፣ ሲደመር 120,000፣ ሲደመር 60,000፤ ጠቅላላ 516,000። ካዝናው በ66,000 ጎደለ።

ልብ በሉ፣ ቫሪያብልም 54,000 ነው ያለው። እሱም ጥሬ ገንዘብን አይናገርም። በወሩ የተጨመሩት 6,000 ወንበሮች የበሉት 120,000 ተለዋዋጭ ወጪ እሱም ጋ መጋዘን ነው ያለው። አንዳንዶች «ቫሪያብል ማለት ጥሬ ገንዘብ ማለት ነው» ይላሉ፤ ስህተት ነው። ቫሪያብል የሚያጠፋው የቋሚውን ወጪ ጨዋታ ብቻ ነው።

ሪፖርት ሲደርሳችሁ የት ማየት እንዳለባችሁ

ዋጋና የግብዓት ወጪ ሳይለወጥ ያልተጣራ ትርፉ፣ ማለትም ከሽያጩ ላይ የተሸጡት ዕቃዎች የማምረቻ ወጪ ብቻ ሲቀነስ የሚቀረው፣ ከሽያጭ አንጻር ከፍ ካለ ወደ ክምችቱ ሂዱ። በእኛ ምሳሌ በመጀመሪያው ወር ከሽያጩ 40 በመቶ ነበር፤ 180,000 ከ450,000። በሁለተኛው 42.7 በመቶ ደረሰ። ክምችቱስ? ከ3,000 ወደ 9,000፣ የአንድ ወር ሙሉ ሽያጭ። ሁለቱ አብረው ከወጡ ትርፉን ያሳደገው ገዢው አይደለም፣ መጋዘኑ ነው። ቦነስ በአብዞርፕሽን ትርፍ ላይ የተሰላ እንደሆነ ደግሞ በዓመቱ የመጨረሻ ወር የተመረተውን ብዛት ከሌሎቹ ወራት ጋር አስተያዩ። ትርፉን ለማሳመር ሲባል ብቻ በትርፍ ሰዓት ማሽን ሲሽከረከር በዓይኔ አይቻለሁ።

ክምችቱ መሸጡ ራሱ አጠራጣሪ ከሆነ ሌላ ጣጣ አለ። በሁለተኛው ወር መጨረሻ ገበያው ወርዶ ወንበሩ ከዚህ በኋላ በ30 ብቻ የሚሸጥ ሆነ እንበል። የሽያጭ ወጪው 4 ሲቀነስ እጅ የሚገባው 26 ነው። በአብዞርፕሽን በ28 የተመዘገበው ክምችት ወደ 26 መውረድ አለበት፤ 9,000 በ2፣ 18,000 ኪሳራ። የወሩ ትርፍ ከ96,000 ወደ 78,000 ይወርዳል። በቫሪያብል ክምችቱ በ20 ስለተመዘገበ የሚወርድ ነገር የለም። ማስታረቂያው ላይ የመጨረሻውን ቋሚ ወጪ ከ8 ወደ 6 ዝቅ ካላደረጋችሁት ሂሳቡ አይገጥምም፦ 54,000 ሲቀነስ 30,000፣ 24,000፤ በ54,000 ላይ ሲደመር 78,000።

ሁለቱንም ለመያዝ ሁለት ደብተር አያስፈልግም

ለውጭ በሚቀርበው የሂሳብ መግለጫ ላይ ምርጫ የለም። አይ.ኤ.ኤስ 2 የሚጠይቀው አብዞርፕሽንን ነው፤ ቫሪያብል ለውስጥ ውሳኔ ብቻ ይውላል። ስለዚህ ብዙ የሚቀለው ወሩን ሙሉ በቫሪያብል መዝግቦ መጨረሻ ላይ በአንድ ማስተካከያ ወደ አብዞርፕሽን መሻገር ነው።

ማስተካከያው ከደረጃ 4 ያገኘነው ቁጥር ራሱ ነው። በሁለተኛው ወር የክምችት ሂሳቡን በ42,000 ዴቢት፣ የቋሚ ማምረቻ ወጪ ሂሳቡን በ42,000 ክሬዲት ማድረግ ነው። በሦስተኛው ወር የክምችቱ ቋሚ ወጪ ከ72,000 ወደ 30,000 ስለወረደ ምዝገባው ይገለበጣል፤ ወጪው ዴቢት፣ ክምችቱ ክሬዲት፣ መጠኑ እንደ አጋጣሚ እንደገና 42,000። የዚህን ማስተካከያ ወረቀት ከወር ወር አያይዛችሁ አስቀምጡ። ያለፈው ወር መጨረሻ የዚህ ወር መነሻ ስለሆነ፣ አንዱ ወረቀት ከጠፋ የሚቀጥለው ወር ማስታረቂያ መነሻ አይኖረውም።